ዕዳ እያለብኝ ሼር ልግዛ? በግ ላደልብ? እቁብስ? (ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ)

እዚህ ደብረ ብርሃን የአንድ መስሪያ ቤት ቁጠባና ብድር ማህበር ውስጥ ሂሳብ እሰራለሁ፣ ስለዚህ ሰው ጠባሴ ቡና ልጠጣ ስቀመጥም ብድር ነው የሚያወራኝ። ጥያቄው ሁሌም አንድ አይነት ስለሆነ አንዴ ልጻፈውና ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይሄን እልካለሁ። የምጠቅሳቸው የበግም የእህልም ዋጋዎች ለሂሳብ እንዲመቹ ያደረግኳቸው ናቸው፣ እናንተ የራሳችሁን ገበያ ዋጋ አስገቡበት።

ፋብሪካ ነው ምሰራው፣ ከደሞዜ በወር 4,000 ብር ይተርፈኛል። 30,000 ብር በወር 5 ፐርሰንት አራጣ አለብኝ። ግማሹን ለዕዳው ግማሹን ኢንቨስት ባረገው ምን አለበት?

ሰው በጣም ሚወደው መልስ ይሄ ግማሽ በግማሽ ነው፣ ሁለቱም ጋ የተራመደ ስለሚመስል። ግን እስኪ ወንድሜ ወረቀት አውጣ።

አራጣው በወር 1,500 ብር ወለድ ይበላል። 2,000 ብቻ ከሰጠኸው ከዋናው የሚቀነሰው 500 ብር ነው፣ በቃ። 4,000 ከሰጠኸው ግን 2,500 ይቀነሳል። አየህ፣ የከፈልከው በእጥፍ ነው ያደገው ዋናው ላይ ያረፈው ግን አምስት እጥፍ ሆነ። ሚስጥሩ ያለው እዚህ ጋ ነው፣ የመጀመሪያዋ 1,500 ሁሌም የሰውየው ናት፣ ያንተ ስራ የሚጀምረው ከሷ በኋላ ባለችው ብር ነው።

እስከ መጨረሻው ስንሄድበት፣ 4,000ውን ሙሉ ለዕዳ ያዋለ ሰው በ10ኛው ወር ያልቅለታል፣ በጠቅላላ የከፈለው ወለድ 8,555 ብር ነው። ግማሽ በግማሽ ያረገው ደግሞ በ29ኛው ወር ነው የሚጨርሰው፣ ወለዱ 26,839 ብር። ልዩነቱ ከ18,000 ብር በላይ ነው።

"እሺ ግን እኔ እኮ በዛ ሁሉ ጊዜ ኢንቨስት እያረግኩ ነበር" ትለኛለህ። ልክ ነህ፣ እሱንም እንቁጠረው። ያስገባህበት ነገር በዓመት 20 ፐርሰንት ያለምንም መንገራገጭ ከፈለህ እንበል። ቀድመህ በመጀመርህ፣ ዕዳውን ጨርሶ ከ11ኛው ወር ከጀመረው ሰው በ29ኛው ወር ላይ የምትበልጠው በትርፍ ቢበዛ 3,000 ብር ገደማ ነው፣ እሱ ዘግይቶ ቢጀምርም በየወሩ እጥፍ እያስገባ ስለሚደርስብህ። 3,000 ለማግኘት 18,000 መክፈል ማለት ነው።

የባንክ ሼር 20 ፐርሰንት ይከፍላል ይሉኛል፣ አራጣው 5 ነው። 20 ከ5 አይበልጥም እንዴ?

ሳቅ ሊመጣባችሁ ይችላል ግን በጣም ብዙ ሰው ነው እንደዚህ የሚያስበው፣ የተማረውም። 20ው በዓመት ነው፣ 5ቱ በወር ነው። በወር 5 ማለት በዓመት 60 ነው፣ ወለዱን ሳይከፍል እያሳደረ ወለድ ላይ ወለድ የሚቆጠርበት ከሆነማ ወደ 80 ይጠጋል። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከማወዳደራችሁ በፊት ሁለቱንም ወይ በወር ወይ በዓመት አርጓቸው።

ደሞ 20 ፐርሰንት የሚባለው ብዙ ጊዜ ሼሩ ላይ በተጻፈው ዋጋ ነው ሚሰላው። 1,000 ብር የተጻፈበትን ሼር ከሌላ ሰው 1,300 ከገዛችሁት 200 ብር ዲቪደንድ ለናንተ 15 ፐርሰንት ገደማ ነው፣ ከሱም ግብር ይቆረጣል። ዓመቱ ካለፈ በኋላ ጠቅላላ ጉባኤው ሲወስን ነው ሚመጣው፣ የዘንድሮው ደሞ ለከርሞ ዋስትና አይሆንም።

በ2017 ዓ.ም የኢትዮ ቴሌኮም ሼር ሲሸጥ አንዱ 300 ብር ነበር፣ ትንሹ ግዢ 33 ሼር፣ ማለትም 9,900 ብር። ያን ሰሞን "ተበድሬ ልግዛ ወይ" ያለኝ ሰው ቁጥር ስፍር የለውም። ሼሩ ጥሩ ነው መጥፎ ነው አላልኩም፣ ጥያቄው እሱ አይደለም። በወር 5 ፐርሰንት ብር የሚሸሽበት ቀዳዳ ያለው ሰው መጀመሪያ ቀዳዳውን ነው እንጂ… ደሞ ሼር እንደ በግ ቅዳሜ ገበያ ወስደህ አትሸጠውም። ባንክ ሼር ለመሸጥ ገዢ ራስህ ፈልገህ፣ ወረቀቱን ጨርሰህ ነው፣ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ስራ ከጀመረ ወዲህ እዛ የተመዘገቡትን መሸጥ እየቀለለ ነው፣ ሁሉም ባንክ ግን እዛ አልገባም።

አበዳሪው "ዋናውን አንድ ላይ ካላመጣህ በጥቂት በጥቂት አልቀበልም" ቢለኝስ?

ከላይ ያለውን ሂሳብ ሁሉ የሚያፈርሰው ይሄ ነው፣ እኛ ሀገር አራጣ ብዙውን ጊዜ እንደዚህ ነው ሚሰራው። ሰውየው ዋናው እንዲመለስለት አይቸኩልም፣ በየወሩ 1,500 እያመጣህለት 30,000ው እንዳለ ቢቀመጥ ደስታው ነው። ሶስት ዓመት ወለድ ከፍሎ አንዲት ብር ዋና ያልቀነሰ ሰው አውቃለሁ።

እዚህ ላይ ነው እቁብ የሚገባው። ሰው እቁብን ቁጠባ ብቻ ይመስለዋል፣ ግን መጀመሪያ ለወጣለት ሰው እቁብ ያለወለድ የሚገኝ ብድር ነው፣ መጨረሻ ለሚወጣለት ደግሞ ያለወለድ ያስቀመጠው ቁጠባ። ስለዚህ አራጣ ያለበት ሰው እቁብ ሲገባ ዓላማው ቶሎ መውሰድ ነው።

በአንተው ቁጥር ልስራልህ። 20 ሰው፣ በወር 1,500፣ የሚወጣው 30,000 ብር። ከ4,000ው 1,500 ለአራጣው ወለድ፣ 1,500 ለእቁቡ ትጥላለህ፣ 1,000 ይተርፍሃል። ሁለተኛው ወር ላይ እጣው ለሌላ ሰው ወጣ እንበል፣ ሄደህ "ጋሼ ተራዎትን ይልቀቁልኝ፣ 2,000 ብር ልጨምርልዎት" ትላለህ። ብዙ እቁብ ውስጥ እጣ መሸጥ የተለመደ ነው፣ ዳኛውና ጸሐፊው ካወቁት ችግር የለውም። ያቺን 2,000 ከሁለቱ ወር ትርፍህ ትከፍላለህ፣ 30,000ውን ይዘህ የወሩን ወለድ ጨምረህ አራጣውን ትዘጋለህ።

ጠቅላላ ያስወጣህ 3,000 ወለድና 2,000 የእጣ፣ 5,000 ብር ነው። ዋናውን በጥቂት በጥቂት የሚቀበል ደግ አበዳሪ ቢኖርህ እንኳን 8,555 ነበር የምታወጣው፣ አስታወስክ? ከሶስተኛው ወር ጀምሮ ደሞ ግዴታህ 1,500 የእቁብ ብቻ ስለሆነ 2,500 ብር ነጻ ትሆናለች፣ እና እሷን ኢንቨስት አርጋት፣ ያኔ ሁለቱንም አንድ ላይ ማስኬድ ትችላለህ፣ የቀረብህ ዕዳ ወለድ የለውማ። ለኔ "ዕዳ ወይስ ኢንቨስትመንት" ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው፣ መጀመሪያ ውዱን ዕዳ በርካሽ ዕዳ ቀይረው፣ ከዛ ሁለቱንም።

ለእጣው እስከ ስንት ልክፈል ካልክ፣ የአንድ ወር ወለድህ 1,500 ነው፣ ሳትገዛው ብትጠብቅ ስንት ወር እንደምትቆይ ገምት። ስምንት ወር ከሆነ 12,000 ብር ወለድ ነው የምታድነው፣ 2,000ም 3,000ም ክፍያው ያዋጣል። ሁለት ወር ብቻ ከቀረህ ግን ዝም ብለህ ጠብቅ።

የሚበላሸው የት ጋ ነው? አንደኛ ዋስ ያስፈልግሃል፣ ቀድሞ የወሰደ ሰው ዋስ ካላመጣ አይሰጠውም፣ ከወሰድክ በኋላ ካቋረጥክ የምታጣላው ዋስህን ነው፣ ደብረ ብርሃን ደሞ ትንሽ ከተማ ናት። ሁለተኛ፣ ብሩ እጅህ ሲገባ ወደ ሌላ ነገር መዞር አለ። 30,000 ጥሬ ብር ይዞ ቤት ያደረ ሰው ጠዋት ላይ ሀሳቡ ተቀይሮ ነው የሚነሳው፣ አይቼዋለሁ፣ ስለዚህ አበዳሪውን ለዛው ቀን ቅጠረው።

የስልክ ብድር ነው ያለብኝ፣ ትንሽ ነው፣ እሱን ልተወው?

እህቴ ይሄኛው ትንሽ ስለሚመስል ነው ሚበላው። አፑ ላይ 5,000 ትጠይቂያለሽ፣ የአገልግሎት ክፍያ ቀድሞ ተቆርጦ እጅሽ ላይ 4,650 ይገባል እንበል፣ በ30 ቀን 5,000 ትመልሻለሽ። ወለድ የሚል ቃል የትም አልተጻፈም። ግን 4,650 ወስደሽ 350 ጨምረሽ መለስሽ፣ 7.5 ፐርሰንት በአንድ ወር። ከላይ ካለው አራጣ ይበልጣል! የናንተ ስንት እንደሆነ ለማወቅ ከመስማማታችሁ በፊት የሚመጣውን ስክሪን አንብቡ፣ ከምትመልሱት ላይ የሚገባላችሁን ቀንሱ፣ ልዩነቱን ለገባላችሁ አካፍሉ።

እኔ ራሴ፣ ሂሳብ ሰራተኛው፣ አንድ ዓመት ሙሉ ደሞዝ ሲገባ ቆርጦ ሲወስድብኝ በዛው ቀን መልሼ እየወሰድኩ፣ በጎን ደሞ በየወሩ ለሼር እያጠራቀምኩ ኖሬያለሁ። ለሼሩ ያጠራቀምኩት ብር ያንን ብድር ሁለቴ ይዘጋው ነበር። አላሰብኩትም፣ አንዱ "ቁጠባ" ነው አንዱ "ለወር መዳረሻ" ነው ብዬ ጭንቅላቴ ውስጥ በተለያየ ኪስ አስቀምጬያቸው ነበር።

በአንዴ መዝጋት ካልቻልሽ በየወሩ መልሰሽ የምትወስጂውን በ1,000 ቀንሺ፣ 5,000 የነበረው 4,000፣ ከዛ 3,000 እያለ በአምስት ወር ይጠፋል። ከሁሉም የሚከብደው መጀመሪያው ወር ነው፣ ከዛ በኋላ የሚቆረጠው ክፍያም አብሮ ስለሚያንስ እየቀለለ ይሄዳል።

በግ አደልቦ ለፋሲካ መሸጥስ? በሶስት ወር 25 ፐርሰንት አለው፣ አራጣውን ይበልጣል!

ይሄ ከመንዝ ነው የመጣልኝ፣ ጠያቂው ልክ ነው፣ ሂሳቡን ስሰራው ደነገጥኩ። አንድ ሙክት በ9,000 ገዝቶ በሶስት ወር መኖና መድሃኒት 1,800 አውጥቶ በ13,500 ቢሸጠው 2,700 ያተርፋል፣ ባወጣው 10,800 ላይ 25 ፐርሰንት። አራጣው በ5 በሶስት ወር 15 ነው። ስለዚህ ዕዳውን ትቶ በግ ቢያደልብ ይሻላል ማለት ነው? ወረቀት ላይ አዎ።

አሁን አምስት በግ አስብ። ወጪው 54,000፣ ሁሉም ቢሸጥ ትርፉ 13,500። አንዱ ከሞተ የአራቱ ሽያጭ 54,000 ነው። ትርፉ ዜሮ ሆነ፣ በአንድ በግ ሞት፣ አራጣው ግን እየቆጠረ ነው። በግ ደሞ ይሞታል፣ ደስታ መሰል አለ፣ ፈንጣጣ አለ፣ ሳይላመድ በአንዴ ገብስ የበላው ሆዱ ተነፍቶ ያድራል። በሽታ ባይኖር እንኳን ለፋሲካ ብለህ ያሰብከው ገበያ በግ ሲበዛበት ዋጋው ይወርዳል፣ ያንተ መኖ ግን አልቋል፣ መልሰህ ለማቆየት ሌላ ወጪ ነው።

እኔ የምለው፣ በግ ማርባት የኖርክበት ስራ ከሆነ፣ ድርቆሹ ከራስህ ማሳ ከሆነና በጎቹ ከተከተቡ፣ አራጣውም በወር 5 ከሆነ፣ ለአንድ ወቅት ብቻ አርገህ ከሽያጩ ማግስት ዕዳውን ዝጋ። ለማጅ ከሆንክ ተወው። አራጣው በወር 10 ከሆነ ደሞ ጥያቄም የለው፣ በሶስት ወር 30 ነው፣ አንድም በግ ባይሞት ትከስራለህ።

ገበሬ ነኝ፣ ምስር አለኝ። አሁን ጥር ላይ ሸጬ ዕዳ ልክፈል ወይስ ዋጋው ሐምሌ ላይ እስኪወደድ ልያዘው?

አባባ ይሄም ኢንቨስትመንት ነው፣ ምስር መያዝ። ኩንታሉ አሁን 10,000 ቢያወጣና ዕዳው በወር 5 ከሆነ፣ ስድስት ወር ሲቆይ በኩንታል 3,000 ወለድ ይቆጥራል፣ ስለዚህ ሐምሌ ላይ ከ13,000 በታች ከሸጡት ከሰሩ ማለት ነው፣ ምስር ደሞ ነቀዝ ይወዳል፣ የሚጎድለውን ይጨምሩበት። ዕዳው በዓመት 12 ፐርሰንት የሆነ የማህበር ብድር ከሆነ ግን የስድስት ወሩ ወለድ 600 ብር ብቻ ነው፣ እንደዛ ከሆነ መያዙ ያስኬዳል። ያው እህል፣ ያው ጎተራ፣ መልሱን የቀየረው የዕዳው አይነት ነው። ሁለቱም ዕዳ ካለብዎት ለአራጣው የሚበቃውን ያህል ብቻ ሽጠው ሌላውን ያቆዩት።

የማህበር ብድር በዓመት 13 ፐርሰንት አለብኝ፣ እሱንም መጀመሪያ ልጨርስ?

አይ፣ እሱ ከደሞዝህ እየተቆረጠ ይሂድ፣ በጎን ጀምር። እኔ ከ20 በላይ የሆነውን ነው በቅድሚያ የምለው፣ ምክንያቱም ከ20 በላይ አስተማማኝ አርጎ የሚከፍልህ ነገር በቀላሉ አታገኝም። ባንክ መደበኛ ቁጠባ ላይ ማስቀመጥ ግን ኢንቨስት አይባልም፣ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 ፐርሰንት ነው፣ 13 እየከፈልክ 7 መቀበል በራስህ ላይ መነገድ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አጣራ፣ 13ቱ በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ መጀመሪያ በተበደርከው ላይ? 12,000 ተበድረህ ዓመቱን ሙሉ በ12,000 ላይ 13 ፐርሰንት ካሰቡብህ፣ ዕዳው በየወሩ እያነሰ ወለዱ ስለማያንስ እውነተኛው ወለድ 23 ፐርሰንት ገደማ ነው። ይሄን ብድር ክፍል ሄዶ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ የክፍያ ሰንጠረዡን አሳዩኝ በሉ፣ የወለዱ ዓምድ ከወር ወር እያነሰ ካልሄደ ያው ነው።

ሁሉንም ለዕዳ ከሰጠሁ ልጄ ቢታመምብኝስ?

ለዚህ ነው ከሁሉም በፊት የአንድ ወር አስቤዛ የሚያህል ብር ለብቻው የሚቀመጠው። ወለዱ ትንሽ ቢሆንም ግድ የለም፣ ስራው እንደገና አራጣ ቤት እንዳትሄድ ማድረግ ነው። ለሞት እድር አለ፣ ለህመም ግን ብዙ ጊዜ የለም።

አራጣ በህግ ክልክል ነው ይባላል፣ እንግዲያው አልከፍልም ብልስ?

ክልክል ነው፣ በወንጀልም ያስጠይቃል። የ1952ቱ ፍትሐብሔር ህግም በብድር ውል ላይ ወለድ በዓመት ከ12 ፐርሰንት እንዳይበልጥ ነው የሚለው፣ ከ9 በላይ ለማድረግ ደሞ በጽሁፍ መሆን አለበት። ግን አበዳሪው ይሄን ያውቃል! 30,000 ሰጥቶህ ውሉ ላይ 48,000 ብር ያለወለድ ተበደርኩ ብለህ ነው የምትፈርመው፣ ወይ ቀን ያልተጻፈበት ቼክ ይይዛል፣ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ደሞ የሚያስከስሰው አንተን ነው። ወረቀቱ ላይ የሌለውን ወለድ ማስረዳት ያንተ ሸክም ይሆናል። ስለዚህ ወደ ክርክር ለመግባት ያሰበ ሰው መጀመሪያ ጠበቃ ያማክር፣ እኔ ጠበቃ አይደለሁም።

ከኔ ልምድ የምነግራችሁ ወለዱን ሁሌ በባንክ ወይ በስልክ አስተላልፉ፣ በእጅ አትስጡ፣ መልዕክቶቹንም አታጥፉ። የመጨረሻውን ክፍያ ስትሄዱ ሁለት ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ብሩን ቆጥራችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡና እጃችሁን ከላዩ ሳታነሱ ውሉንና ቼኩን ጠይቁ። "ቤት ረስቼዋለሁ፣ ነገ እቀደዋለሁ" ካላችሁ ብሩን መልሳችሁ ኪሳችሁ ክተቱና ነገ ተመለሱ።